የቀጥታ ስርጭታችን ተመልካች 412 ደርሶ ወዲያው ለምን ተበተነ?

የበግ ተራ | ሰኞ፣ ከቀኑ 9:10

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከደብረ ብርሃን ነው። እኔና ሁለት ጓደኞቼ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ከምሽቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ስለ በግ ማድለብ በዩቲዩብ በቀጥታ እናስተላልፋለን። እንግዳችን የእንስሳት ሐኪም ናቸው። ያለፈው ቅዳሜ ርእሳችን ለፋሲካ የሚደልብ በግ አመራረጥ ነበር። ሦስት ወር አድልቦ ለመሸጥ የሚያስብ ሰው አሁን በጥር ካልገዛ ስለማይደርስለት ብዙ ሰው ይመጣል ብለን ነበር።

መጣም። በአንድ ጊዜ የነበረው ከፍተኛው የተመልካች ቁጥር 412 ደረሰ። ከዚያ በፊት ከ230 አልፈን አናውቅም። ነገር ግን ያ ቁጥር ስድስት ደቂቃ እንኳ ሳይቆይ ወደ 200 ወረደ። የዩቲዩብ ስቱዲዮ የሚያሳየውን ግራፍ በጣቴ እየተከተልሁ የጻፍሁት ይኸውላችሁ።

ስርጭቱ 90 ደቂቃ ቆየ። በ6ኛው ደቂቃ 150 ሰው ነበረ፤ በ14ኛው 105 ቀረ። ከዚያ እየጨመረ በ25ኛው 195 ሆነ። በ26ኛው ደቂቃ በድንገት ወደ 120 ወረደና በ31ኛው ወደ 170 ተመለሰ። በ36ኛው 175፣ በ38ኛው 412፣ በ44ኛው 200። ከዚያ በኋላ ቀስ እያለ በ75ኛው 150 ደረሰ፤ ሲያልቅ 45 ሰው ብቻ ነበረ። የስርጭቱ አማካይ 156፣ ጠቅላላ እይታው 1,170፣ የቻት መልእክቱ 540 ነው።

እኔ የጠረጠርሁት ኢንተርኔቱን ነው። በከተማችን ምሽት ላይ ይዳከማል። አንድ ነገር ግን በጣም አስደስቶኛል፤ በ27ኛው ደቂቃ ቻቱ በደቂቃ 52 መልእክት ደርሷል። በሌላው ጊዜ በአማካይ ከአራትና ከአምስት አይበልጥም። በዚያ ሰዓት ሐኪማችን የሚናገሩት ስለ ፉርሽካና ፋጉሎ ዋጋ ነበር። ስለዚህ የሚቀጥለውን ስርጭት በሙሉ በመኖ ላይ ልናደርገው አስበናል። ምን ትመክሩናላችሁ?

---

ጫፍ ላይ | ሰኞ፣ ከቀኑ 10:02

እንኳን ደስ አላችሁ። ትልቁ ቁጥር ጣሪያው ነው። 230 የነበረው 412 ከደረሰ በእጥፍ ለመሆን ትንሽ ነው የቀረው ማለት ነው። ስፖንሰር የሚጠይቃችሁም ይህንኑ ቁጥር ነው። መውረዱ አያስጨንቃችሁ፤ ሰው በቀጥታ ስርጭት ላይ ይገባል፣ ይወጣል። በ38ኛው ደቂቃ የነበረውን ርእስ አግኙና በሚቀጥለው ጊዜ መጀመሪያ ላይ አድርጉት። ጣሪያው የት እንደደረሰ ማወቅ ሥራውን ከግማሽ በላይ ያቀለዋል።

---

ሮቢት ገበያ | ሰኞ፣ ከቀኑ 11:30

እኔ ከሸዋ ሮቢት ነኝ፤ የሽንኩርት ገበያውን በስልኬ በቀጥታ አሳያለሁ። እኔም እንደ እናንተ ተመልካች ይበተንብኝ ነበር። መፍትሔው ቀላል ሆኖ ነው ያገኘሁት፤ ከ20 ደቂቃ በላይ አላስተላልፍም። ዋጋውን ተናግሬ፣ የጫኑትን መኪናዎች አሳይቼ እዘጋለሁ። ሰው 90 ደቂቃ ምን ይሠራል? ደግሞስ በቀን ብታደርጉት አይሻልም? በሌሊት በግ አይታይም።

---

የበግ ተራ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 12:15

ወንድሜ ሮቢት ገበያ፣ አመሰግናለሁ። የእኛ ግን የገበያ ዋጋ ሳይሆን ጥያቄና መልስ ነው፤ በጎቹንም ቀን ቀርጸን ነው የምናሳየው። በቀን እንዳናደርገው አብዛኛው ተመልካች ሥራ ላይ ነው። ማሳጠሩን እናስብበታለን።

---

አንኮበር | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:40

እኔ አንኮበር ተወልጄ አዲስ አበባ የምኖር ነኝ፤ ለዓመታት የሠራሁት በስርጭት መቆጣጠሪያ ክፍል ነው። ግራፉን በደቂቃ ቆጥረህ መጻፍህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ስለ መኖ የወሰንኸውን ለጊዜው ያዘው።

በመጀመሪያ ቻቱን ቁጥሩን ሳይሆን ጽሑፉን አንብበው። ከ26ኛው እስከ 28ኛው ደቂቃ ሰዎቹ ምን ብለው ነው የጻፉት? እንዲህ የምልህ የተመልካችህ ቁጥር በዚያው ደቂቃ ከ195 ወደ 120 ስለ ወረደ ነው። ሰው የወደደውን ነገር ጥሎ አይሄድም። ቻት እየጨመረ ተመልካች ሲቀንስ ብዙ ጊዜ ያየሁት አንድ ነገር ነው፤ የተበላሸ ነገር አለ።

የመውደቁን ቅርጽም ተመልከት። በ26ኛው ያለው ገደል ነው፤ በአንድ ደቂቃ ወርዶ በአምስት ደቂቃ አብዛኛው ተመልሷል። የቴክኒክ ችግር እንዲህ ነው፤ ሰው ይወጣል፣ እስኪስተካከል ጠብቆ ወይም እንደገና ከፍቶ ይመለሳል። ከ6ኛው እስከ 14ኛው ያለው ግን ቁልቁለት ነው፤ ቀስ እያለ የሚያፈስ፣ ወዲያው የማይመለስ። እንዲህ ያለው ብዙ ጊዜ ከይዘት የመጣ ነው። በእነዚያ ስምንት ደቂቃዎች ምን ስታደርጉ ነበር?

ኢንተርኔቱን ከመክሰስህ በፊት ደግሞ የምታስተላልፍበት ፕሮግራም ኦቢኤስ ከሆነ የመዝገብ ፋይሉን ክፈት። እርዳታ በሚለው ዝርዝር ውስጥ ታገኘዋለህ። መጨረሻው አካባቢ `dropped frames` የሚል መስመር አለ። እሱን ለጥፍልን። በ20:30 አካባቢ የተመዘገበ ነገር ካለም ጨምረው። ኮምፒውተሩ 20:00 የሚለው የእኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው፤ ስርጭቱ በትክክል ስንት ላይ እንደ ጀመረ ካወቅህ 26ኛው ደቂቃ የት እንደሚወድቅ ታገኘዋለህ።

---

የበግ ተራ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2:05

እህቴ አንኮበር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሌሊቱን ስፈልግ አደርሁ። ስርጭቱ የጀመረው በ20:04 ነው። መጨረሻው ላይ ያለው መስመር ይኸውና፦

```
Number of dropped frames due to insufficient bandwidth/connection stalls: 61 (0.0%)
```

በ20:30 ደግሞ ይህ አለ፦

```
Device 'Microphone (USB Audio Device)' invalidated.  Retrying (source: Mic/Aux)
```

ቻቱንም አነበብሁት። እውነትሽን ነው። በእነዚያ ሦስት ደቂቃዎች ውስጥ ከተጻፉት 128 መልእክቶች ውስጥ አብዛኛዎቹ «ድምፅ የለም»፣ «አይሰማም»፣ «ድምፁን አስተካክሉ» የሚሉ ናቸው። ስለ መኖ የተጻፈው አራት ብቻ ነው። ልናደርገው የነበረውን አስቤ ደነገጥሁ። ሰው ስላልሰማው ንግግር ሁለተኛ ፕሮግራም ልንሠራ ነበር።

አሁን ትዝ አለኝ፤ በዚያ ሰዓት መብራቱ ብልጭ ብሎ ተመልሷል። ላፕቶፑ ባትሪ አለው፤ የኢንተርኔት ሳጥኑም ከመጠባበቂያ ባትሪ ጋር ስለተያያዘ ምስሉ አልተቋረጠም። ድምፅ መቀላቀያው ግን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ነበር የተሰካው።

ከ6ኛው እስከ 14ኛው ደቂቃ ሰላምታ፣ የሐኪማችን የሥራ ታሪክ፣ ለረዱን ሰዎች ምስጋና እና «ሰብስክራይብ አድርጉ» የሚለው ማሳሰቢያ ነበር።

---

አንኮበር | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7:20

መዝገቡ ሁሉን ተናገረ። 90 ደቂቃ በሴኮንድ 30 ምስል ሲላክ ከ160 ሺህ በላይ ምስል ነው። ከዚያ ውስጥ በኢንተርኔት ምክንያት የቀሩት 61 ናቸው። ስለዚህ ከእናንተ እስከ ዩቲዩብ ያለው መስመር ንጹሕ ነበር። ከዩቲዩብ እስከ ተመልካቹ ያለውን ይህ መዝገብ አያሳይም፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

መቀላቀያውን ከመጠባበቂያው ባትሪ ጋር አያይዙት። ከእናንተ አንዱ ደግሞ በሌላ መስመር፣ በስልክ፣ በጆሮ ማዳመጫ ስርጭቱን ይከታተል። በመደበኛው መዘግየት ከሆነ የምትልኩት የሚደርሰው ከግማሽ ደቂቃ ገደማ በኋላ ስለሆነ፣ ያ ሰው ችግሩን የሚሰማው ዘግይቶ ነው። የድምፅ ማሳያው መስመር መንቀሳቀሱን በኦቢኤስ ላይ የሚመለከት ዐይንም ያስፈልጋችኋል።

አሁን ወደ ጣሪያው ልመለስ። ወንድማችን ጫፍ ላይ በ38ኛው ደቂቃ የነበረውን ርእስ ፈልጉ ብሏል። እኔ የምፈልገው ሌላ ነገር ነው፤ በዚያ ደቂቃ ሰው ከየት መጣ? ከ175 ወደ 412 በሁለት ደቂቃ መዝለል በአንድ ጥሩ ዓረፍተ ነገር አይሆንም። በውስጥ ያለ ሰው ጥሩ ነገር ሲሰማ አይወጣም እንጂ ሁለት መቶ ሰው ከመንገድ አይጠራም። ትራፊክ ምንጭ የሚለውን ገጽ ክፈት።

---

የበግ ተራ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:45

ከፈትሁት። ከውጭ ምንጭ የመጣው ብዙ ነው፤ ከአንድ ማኅበራዊ መድረክ። ብዙ ተከታይ ያለው የአካባቢያችን ገጽ በዚያች ሰዓት ሊንካችንን ለጥፎ ነበር። እኛ ሳናውቀው ነው። በ38ኛው ደቂቃ ሐኪማችን በጉ ስንት ብር እንደተገዛ ሲናገሩ ነበር፤ የተለየ ነገር አልነበረም።

---

ጫፍ ላይ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:30

እንግዲያው ያ ገጽ በየጊዜው እንዲለጥፍላችሁ መስማማት ነዋ። ጣሪያውን ያመጣው እሱ ከሆነ ምስጢሩ ተገኘ። የመጣ ሰው ቢወጣም ስማችሁን አይቶ ነው የሚወጣው።

---

አንኮበር | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:10

መለጠፉ አይጠላም። ስም ማወቁም እውነት ነው፤ በዚህ ወንድማችን ጫፍ ላይ ትክክል ነው። ግን ስርጭቱ ተሻሽሏል ወይስ አልተሻሻለም የሚለውን ጣሪያው አይመልስም። አንድ ቀላል ስሌት ላሳያችሁ።

አማካዩን በስርጭቱ ርዝመት አባዛው፤ 156 በ90 ሲባዛ 14,040 ይሆናል። ይህ ሰዎች ሁሉ ተደምረው የቆዩት ደቂቃ ነው። በጠቅላላ እይታው በ1,170 ስታካፍለው 12 ደቂቃ ይመጣል። አንድ እይታ በአማካይ 12 ደቂቃ ቆየ ማለት ነው። የቀደመው ስርጭታችሁን ቁጥር ብታመጣ ጎን ለጎን እናያቸው ነበር።

ሌላም አለ። የተመልካች ግራፍ የሚያሳይህ በበሩ ከገባው ላይ የወጣው ተቀንሶ የቀረውን ነው። ከ150 ወደ 105 ሲወርድ 45 ሰው ወጣ አትበል። ሰባ ወጥቶ ሃያ አምስት ገብቶ ሊሆን ይችላል። መስመሩ ለጥ ብሎ የሄደበት ጊዜም ሰው ተረጋግቶ ተቀመጠ ማለት ላይሆን ይችላል፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ሲገባ መስመሩ ለጥ ይላል።

---

ያሬዳዊ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3:00

ይቅርታ፣ በመሐል ልግባና የእኛን ልንገራችሁ። እኛ የሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር እሑድ እሑድ በቀጥታ እናስተላልፋለን። የቻት መጠናችን በደቂቃ አንድ እንኳ አይሞላም። አንድ ወዳጃችን ይህን አይቶ «ተመልካቻችሁ ሞቷል» ስላለን አዝነን ነበር። ተመልካቹ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይነቃነቅም። በዝማሬ መካከል ማን ይጽፋል? የሚጽፉት ሲያልቅ ነው፤ «ቃለ ሕይወት ያሰማልን» ብለው። ስለዚህ የቻት ቁጥር ዝቅተኛ መሆኑ ለሁሉም ስርጭት ችግር አይመስለኝም።

---

አንኮበር | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4:35

ያሬዳዊ፣ በጣም ትክክል ነህ፤ አታዝኑ። የእናንተን ቻት ከበግ ተራ ቻት ጋር ማወዳደር አይገባም። የእናንተን እናንተ ካለፈው እሑድ ጋር አወዳድሩት፤ ከቻቱ ይልቅ የቆዩበትን ደቂቃ ተመልከቱ።

የበግ ተራ ግን ጥያቄና መልስ ስለሆነ ቻቱ የሚነግረው ነገር አለ። ስንት መልእክት መጣ ከሚለው ይልቅ፣ ከመቶ ሰው ስንት ጻፈ ማለቱ ይሻላል። ቻቱን yt-dlp በሚባለው የማውረጃ ፕሮግራም እንዲህ አውርደው፤ URL በሚለው ቦታ የቪዲዮውን ሊንክ አስገባ፦

```
yt-dlp --skip-download --write-subs --sub-langs live_chat URL
```

የወረደውን ፋይል ስም `live_chat.json` በለውና በዚህ የፓይተን ኮድ ቁጠረው፦

```python
import json, collections
n = collections.Counter()
for line in open("live_chat.json", encoding="utf-8"):
    if "liveChatTextMessageRenderer" in line:
        r = json.loads(line)["replayChatItemAction"]
        n[int(r["videoOffsetTimeMsec"]) // 60000] += 1
for m in sorted(n):
    print(m, n[m])
```

0ኛውን ደቂቃ አትመነው፤ ስርጭቱ ሳይጀምር የጠበቁ ሰዎች የጻፉትንም ይቆጥራል። የተቀመጠውን ቪዲዮ መጀመሪያ ቆርጣችሁ ለማሳጠር ካሰባችሁ ደግሞ ይህን ሁሉ አስቀድማችሁ ሥሩ። አራት ደቂቃ ከተቆረጠ በኋላ የቪዲዮው 22ኛ ደቂቃ የግራፉ 26ኛ ነው፤ ያን ጊዜ ሁሉ ነገር ይምታታል።

በሠንጠረዥ ላይ ደቂቃውን በመጀመሪያው ዓምድ፣ ተመልካቹን በሁለተኛው፣ ቻቱን በሦስተኛው አስገባ። በአራተኛው ላይ `=C2/B2*100` ጻፍና ወደ ታች ጎትተው። በአምስተኛው ዓምድ ላይ በዚያ ደቂቃ ምን እንደተባለ በእጅህ ጻፍ። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን አምስተኛውን ዓምድ ነው፤ ያለ እሱ ግን የቀሩት አራቱ ምንም አይነግሩህም።

---

የበግ ተራ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 5:20

ሠራሁት። ድምፅ የጠፋበትን ትቼ ከፍተኛው ቁጥር ያልጠበቅሁት ቦታ ላይ ወጣ።

በ38ኛው ደቂቃ፣ 412 ሰው ባለበት፣ የተጻፈው 12 መልእክት ነው። ከመቶ ሰው 3 ገደማ። በ52ኛው ደቂቃ 180 ሰው እያለ 14 መልእክት ተጽፏል፤ ከመቶ ወደ 8 ይጠጋል። በ53ኛውም እንዲሁ ነው። ግራፉ በዚያ ሰዓት ቀስ እያለ ይወርድ ነበርና ከዚህ በፊት ዐይኔ አልያዘውም።

በአምስተኛው ዓምድ ላይ ስጽፍ በ52ኛው ደቂቃ ያለው ዐረፍተ ነገር «ስለዚህ ቶሎ ወደ ሐኪም ውሰዱት» የሚል ሆነብኝ። በዚህ ላይ 14 ሰው ለምን ይጽፋል ብዬ ግራ ገባኝ።

የቀደመውን ስርጭትም አመጣሁ፦ አማካይ 150፣ ርዝመት 90 ደቂቃ፣ እይታ 750። አንድ እይታ 18 ደቂቃ ቆይቷል ማለት ነው። ከ18 ወደ 12 ወረድን?

---

አንኮበር | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2:50

ከ52ኛው አንድ ደቂቃ ያህል ወደ ኋላ ተመለስ። ተመልካቹ የሰማው እናንተ ከተናገራችሁ ከግማሽ ደቂቃ በኋላ ነው፤ ሰምቶ፣ አስቦ፣ በስልክ በአማርኛ እስኪጽፍ ደግሞ ሌላ ግማሽ ደቂቃ ይሄዳል። ቻቱ የሚመልሰው በ51ኛው ወይም ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ ለተባለው ነው።

ስለ 18ና 12፦ አትደንግጥ። ከዚያ ገጽ የመጡት ሰዎች አንድና ሁለት ደቂቃ አይተው ስለወጡ አማካዩን ወደ ታች ስበውታል። የራሳችሁ ሰው ያነሰ ጊዜ ቆየ ማለት አይደለም። ይህ አማካይ ሁለት ስርጭቶችን ለማወዳደር የሚረዳው ሰው የመጣበት መንገድ ተመሳሳይ ሲሆን ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ የምታወዳድረው ተመሳሳይ ክፍልን ከተመሳሳይ ክፍል ጋር ይሁን። ለምሳሌ ከ6ኛው እስከ 14ኛው ደቂቃ ከ150 ወደ 105 ወርዷል፤ 30 ከመቶ ቀንሷል። ይህን ያዝ።

---

የበግ ተራ | ሐሙስ፣ ከቀኑ 6:30

አገኘሁት! በ50ኛው ደቂቃ መጨረሻና በ51ኛው ሐኪማችን የበጉን የታችኛውን የዐይን ሽፋን ገልብጠው የውስጡን ቀለም አሳይተው ነበር። ቀይ ከሆነ ደም አላነሰውም፣ ነጣ ካለ ደም አንሶታል፤ በእኛ ርጥብ ደጋ ላይ የሚግጥ በግ ደግሞ የጉበት ትል ይጠረጠራል አሉ። ገዢው ገበያ ላይ ቆሞ በራሱ እጅ ሊያደርገው የሚችል ነገር ነው። ቻቱን ሳነበው ሁሉም ጥያቄ ነው፦ «የእኔ ሐምራዊ ሆነ፣ ምን ማለት ነው?»፣ «ትል ያለበትን ገዝቼ መድኃኒት ብሰጠው ይደልባል?»። አንዱንም አልመለስንለትም፤ ወደ በረት አሠራር አልፈን ነበር።

---

ገበሬው ከመሀል ሜዳ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2:15

ልጆቼ፣ ጤና ይስጥልኝ። እኔ ከመንዝ፣ ከመሀል ሜዳ ነኝ። ስርጭታችሁን የማየው በልጄ ስልክ ነው። የምትጽፉትን ሁሉ ልጄ አነበበችልኝና እኔም የምለው አለኝ።

ያን ቀን ከመጀመሪያው ነበርሁ። ድምፁ ሲጠፋ ወጣሁ፤ ተመለስሁ። የዐይኑን ነገር ሳይ በጣም ደስ አለኝና ልጄን ጥያቄ አስጻፍኋት። ስትጠብቅ ስትጠብቅ መልስ የለም። ከአንድ ሰዓት በኋላ ወጣን። የወጣነው ሰልችቶን አይደለም፤ የገዛነው የኢንተርኔት ጥቅል አለቀ። ሲያልቅ ስልኩ ዝም ይላል። እናንተ ግን «ሰውየው ጥሎን ሄደ» ብላችሁ ቆጥራችሁኛል ማለት ነው።

---

የበግ ተራ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3:05

አባቴ፣ ይቅርታ እንጠይቅዎታለን። ጥያቄዎ ምን ነበር? በሚቀጥለው ስርጭት መጀመሪያ ላይ እንዲመለስልዎ እናደርጋለን።

እህቴ አንኮበር፣ ይህ ነገር አሳሰበኝ። እኛ የምንልከው በሴኮንድ 2,500 ኪሎቢት ነው። ሳሰላው በሰዓት ከ1 ጊጋባይት በላይ ይሆናል። ከ45ኛው እስከ 75ኛው ደቂቃ ያለው ዝግ ያለ መውረድ በዚህ ይሆን?

---

አንኮበር | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4:00

ስሌትህ ልክ ነው፤ በዚያ ጥራት የሚያይ ሰው 1.1 ጊጋባይት አካባቢ ይጨርሳል። ዩቲዩብ ግን ለደካማ መስመር ዝቅተኛ ጥራት አዘጋጅቶ ስለሚሰጥ ሁሉም ሰው ያን ያህል አይጠቀምም። አባታችን ያሉትን ለማወቅ ግራፉ ብቻውን አይበቃም። ጥቅሉ ያለቀበት ሰውና የሰለቸው ሰው በግራፉ ላይ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ሁለቱም አንድ አንድ ተቀናሽ ናቸው። በየመሣሪያው ከፍለህ ማየት ትችላለህ፤ በስልክ የሚያዩት በኮምፒውተር ከሚያዩት ይልቅ አጭር ከቆዩ ይጠረጠራል። ማረጋገጫ ግን አይሆንም፤ በስልክ የሚያይ ሰው ሌላም የሚያስወጣው ነገር አለው።

በ5ኛው ደቂቃ ላይ «ጥራቱን ወደ 144 ዝቅ አድርጋችሁ ብታዩ ድምፁ ይሰማል፣ ጥቅላችሁም ይቆያል» ብላችሁ ብትናገሩና ቁልቁለቱ ቢለዝብ አንድ ምልክት ይሆናል።

ግን በአንድ ቅዳሜ ሁሉን አትቀይሩ። መቀላቀያውን ከባትሪ ጋር ማያያዝ ግዴታ ስለሆነ እሱን አድርጉ። ከዚያ ሌላ መግቢያውን ብቻ ቀይሩ፤ ሰላምታው አንድ ደቂቃ፣ ከዚያ ወዲያው የዐይኑ ምርመራና የአባታችን ጥያቄ። የሐኪሙን ታሪክ በመግለጫው ላይ ጻፉት። ስለ ጥራቱ የሚነገረውን ለሚቀጥለው አቆዩት።

---

ጫፍ ላይ | ዓርብ፣ ከጠዋቱ 3:20

ስለ ጣሪያው ያልሁትን አሁንም አልተውሁም፤ ስፖንሰር ጣሪያውን ይጠይቃል። ነገር ግን በ38ኛው ደቂቃ ያለውን ርእስ መጀመሪያ ላይ አድርጉ ማለቴ ስሕተት ነበር። ሰው ከየት እንደመጣ ሳልጠይቅ ነው የመከርሁት።

---

የበግ ተራ | ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ፣ ከቀኑ 8:40

ትናንት አስተላለፍን። እንዳላችሁን መግቢያውን ብቻ ነው የቀየርነው። መቀላቀያው ባትሪ ላይ ነበር፤ መብራት አንድ ጊዜ ሄዶ ነበር፣ ድምፁ ግን አልተነካም። በመዝገቡም ላይ ያ መስመር የለም።

ጣሪያው 240፣ አማካዩ 171፣ ርዝመቱ 80 ደቂቃ፣ እይታው 770። ስሌቱን ስሠራው 17.8 ደቂቃ መጣ። ያ ገጽ በዚህ ጊዜ ስላልለጠፈልን ከ12 ጋር አላወዳድረውም። ከቀደመው 18 ጋር እኩል ነን።

ከ6ኛው እስከ 14ኛው ደቂቃ ግን ከ140 ወደ 131 ብቻ ነው የወረድነው፤ 30 ከመቶ የነበረው ወደ 6 ከመቶ ወርዷል። በዚያ ክፍል ውስጥ ቻቱ ከመቶ ሰው 7 ደረሰ፤ አነበብሁትም፣ ጥያቄ ነው። ከ45ኛው ደቂቃ በኋላ ያለው ቁልቁለት እንደነበረ ነው፤ ምንም አልተለወጠም።

አንድ አዲስ ነገር አየሁ። «ከመሰናበታችን በፊት» ስንል በሦስት ደቂቃ ውስጥ 50 ሰው ወጣ፤ ሐኪማችን ግን ከዚያ በኋላ ስለ ክትባት ጠቃሚ ነገር ተናግረው ነበር። ያለፈውን ስመለከት እዚያም በ76ኛው ደቂቃ ይህን ብለናል፤ ቁጥሩም ከዚያው ነው የተሰበረው።

---

አንኮበር | እሑድ፣ ከምሽቱ 1:30

የመግቢያው ውጤት ደስ ይላል። ሆኖም አንድ ስርጭት ነው፤ የዐይኑ ምርመራ በራሱ የሚስብ ስለሆነ ይሁን ወይስ ሰላምታው ስላጠረ፣ ገና አልተለየም። በሚቀጥለው ጊዜ ሰላምታው አጭር ሆኖ ይዘቱ ተራ ቢሆን ይለይልሃል። ክትባቱን ከስንብቱ በፊት አምጡት። ስለ ጥራቱ አሁን ተናገሩ፤ ተራው ደርሷል።

---

ገበሬው ከመሀል ሜዳ | እሑድ፣ ከምሽቱ 2:50

ጥያቄዬን ስለመለሳችሁልኝ እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ሁለት በግ ገበያ ላይ ዐይናቸውን አይቼ ነጣ ብሎብኝ ትቻቸዋለሁ። ልጄ የጥራቱን ነገር አነበበችልኝና 144 ላይ አድርጋ አየን፤ እስከ መጨረሻው ደረስን። ምስሉ ግን ደበዘዘና ሐኪሙ የዐይኑን ቀለም ሲያሳዩ ቀይና ነጩን መለየት አቃተኝ። እንዲህ ያለውን ስታሳዩ ቀለሙን በቃልም ተናገሩልን።

---

የበግ ተራ | እሑድ፣ ከምሽቱ 3:10

አባቴ፣ ይህን አላሰብነውም ነበር። በቃል እንናገራለን። ዐይኑን ለሚያሳየው ክፍል ደግሞ ጥራቱን ለሁለት ደቂቃ ከፍ እንዲያደርጉ ቀድመን እንነግራለን። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሠንጠረዡን ይዤ እመለሳለሁ።